ውሃ በሚጠፋበት ዶርም ለወር አበባ የቱ ይሻላል?

«ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤያለሁ። እስካሁን የማውቀው እናቴ የምትገዛልኝን ሞዴስ ብቻ ነው። ታምፖንና የወር አበባ ካፕ የሚባሉትን ኢንተርኔት ላይ አያለሁ። ግቢ ውስጥ ውሃ ይጠፋል ይሉኛል። የትኛውን ይዤ ልሂድ?»

ካፑን፣ ማለትም ብልት ውስጥ ገብቶ ደሙን የሚያጠራቅመውን ትንሽ የሲሊኮን ጽዋ ያዢ፤ ነገር ግን ከመሄድሽ በፊት ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት የወር አበባ ቤትሽ ሆነሽ ልመጂው። ጊዜው ከቀረበብሽ የመጀመሪያውን መንፈቅ በሞዴስ ጨርሺና ልምምዱን ለእረፍት ጊዜ አቆዪው። ብልት ውስጥ ገብቶ ደሙን የሚመጠውን ጥቅልል፣ ታምፖኑን ግን ለዶርም ኑሮ አልመክርሽም።

ስለ ንጽህና ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ዕቃው ራሱ ንጹሕ ስለመሆኑ ነው። ውሃ በሚጠፋበት ቦታ ግን መጠየቅ ያለበት በቀን ስንት ጊዜ መቀየር እንደሚያስፈልግና በዚያች ደቂቃ እጅሽ ምን እንደሚነካ ነው። ሞዴስ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ይቀየራል። የሚለጠፈው ውስጥ ሱሪ ላይ ስለሆነ ጣትሽ ወደ ሰውነትሽ አይገባም፤ እጅሽን በደንብ ሳትታጠቢ ብትቀይሪው እንኳ አደጋው ትንሽ ነው። ታምፖን በየአራት እስከ ስምንት ሰዓቱ መውጣት አለበት፤ በየጊዜውም ጣትሽ ብልትሽን ይነካል። ስለዚህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በሳሙና የታጠበ እጅ ይፈልጋል። ካፕም ጣት ይፈልጋል፤ ልዩነቱ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ሊቆይ መቻሉ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሳይቋረጥ፣ ወይም በባልዲ ባጠራቀምሽው ውሃ ታጥበሽ ካስገባሽው፣ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውለሽ፣ ቤተ መጻሕፍት ቆይተሽ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ዶርምሽ ስትመለሺ ታወጪዋለሽ። በቀን ሁለት ጊዜ እጅ መታጠብ ውሃ በሚጠፋበት ግቢም ይቻላል፤ አራት ጊዜ ግን በተለይ በመማሪያ ሕንፃዎቹ መጸዳጃ ቤት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ብዙ ደም በሚፈስሽ ቀን ካፑም ቢሆን ከ12 ሰዓት በፊት ሊሞላ ስለሚችል፣ እኩለ ቀን ላይ አንድ ጊዜ መድፋት ያስፈልግሽ ይሆናል።

ታምፖንን የማልመክርበት ሁለተኛ ምክንያት አለኝ። ታምፖን ለዋና እጅግ ምቹ ነው፤ በልኩ ሲገባም ጨርሶ አይሰማም። በእኛ ገበያ ግን በአዲስ አበባ ጥቂት ፋርማሲዎችና ሱፐርማርኬቶች ካልሆነ አይገኝም፤ የተመደብሽበት ከተማ ላይገኝ ይችላል። ባለቀብሽ ጊዜ ደግሞ የመጨረሻዋን ታምፖን ከሚገባው በላይ ማቆየት ይመጣል። አደገኛው ይህ ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ አንዳንድ ዝርያው በሚያመነጨው መርዝ የተነሳ ከታምፖን ጋር የተያያዘ ከባድ ሕመም ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ብዙ ሴቶች በዚሁ ታመው፣ የሞቱም ነበሩ፤ በጣም ብዙ ይመጥ የነበረ አንድ የታምፖን ዓይነትም ያኔ ከገበያ ወጥቷል። ዛሬ ሕመሙ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ምልክቱን ግን ታምፖን ወይም ካፕ የምትጠቀም ሁሉ ማወቅ አለባት፦ ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስመለስና ተቅማጥ፣ ፀሐይ ያቃጠለው የሚመስል የቆዳ መቅላት፣ ራስን የሚያስት ማዞር። እነዚህ ከታዩ የገባውን ወዲያው አውጥቶ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ፣ ለሐኪሙም ምን ገብቶ እንደነበር መናገር ነው።

ወደ ወጪው እንምጣ። ዋጋ በየወሩ ስለሚቀያየር ስሌቱን አሳይሽና ቁጥሩን በሰፈርሽ ዋጋ ተኪው። የወር አበባሽ አምስት ቀን ይቆያል፣ በቀን አራት ሞዴስ ትቀይሪያለሽ እንበል። በወር ሃያ ይሆናል፤ አሥር በሚይዘው ማሸጊያ ሁለት እሽግ ማለት ነው። በየ28 ቀኑ የሚመጣ ከሆነ በዓመት 13 ጊዜ ስለሚሆን 26 እሽግ ያስፈልግሻል። አንዱ እሽግ 100 ብር ቢሆን በዓመት 2,600 ብር ነው። ካፑ 1,500 ብር ቢሸጥ በስምንተኛው የወር አበባ ዋጋውን መልሷል ማለት ነው። በአግባቡ የተያዘ ካፕ እንደ አሠራሩ ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዱም እስከ አሥር ዓመት ያገለግላል። ችግሩ 1,500 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣቱ ላይ ነው፤ 200 ብር በየወሩ የምትሰጥ እናት ያንን ሁሉ በአንዴ ለማውጣት ሊከብዳት ይችላል። ለተማሪዎች በየዓመቱ ካርቶን ሙሉ ሞዴስ የሚለግሱ ድርጅቶች ከገንዘቡ ከፊሉን ፈቃደኛ ለሆኑ ተማሪዎች ካፕና ሥልጠና ቢያውሉት የምለው ለዚህ ነው። ካርቶኑ በወራት ውስጥ ያልቃል፤ ካፑ ተማሪዋን እስክትመረቅ ያደርሳታል።

ስትገዢ ማሸጊያው ላይ ለሕክምና በሚውል ሲሊኮን መሠራቱ፣ የአምራቹ ስምና መጠኑ የተጻፈበት ይሁን። ያልወለደች ወጣት ትንሹን መጠን ትምረጥ። የጎማ ሽታ የሚሸት፣ መመሪያ የሌለው ካፕ በርካሽ ቢገኝም አይገዛም።

አሁን ስለ ልምምዱ። ካፑን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ለዚሁ ብቻ በለየሽው ትንሽ ድስት ወይም ጣሳ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሸፍኖት ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ታፈይዋለሽ። ድስቱን ጥለሽው አትሂጂ፤ ውሃው ተንኖ ካለቀ ሲሊኮኑ ከሥሩ ይቃጠላል። እጅሽን ታጥበሽ ካፑን ጠፍጥፈሽ ከመሃል ታጥፊዋለሽ፤ አፉ ጠባብ ሆኖ ይቀራል። ቁጢጥ ብለሽ፣ ወደ ላይ ቀጥ አድርገሽ ሳይሆን ወደ ወገብሽ ግድም አጋድለሽ ታስገቢዋለሽ። ደረቅ ከሆነብሽ በውሃ አርጥቢው። ከዚያ ስትለቂው መከፈት አለበት። መከፈቱን የምታውቂው ጣትሽን በካፑ ሥር ዙሪያውን ስታዞሪ ነው፦ ክብ ሆኖ ከተሰማሽ ተከፍቷል፣ ጎድጎድ ያለ ነገር ካገኘሽ ግን አሁንም እንደታጠፈ ነው። መጀመሪያ ላይ ከሚያጋጥም ማፍሰስ አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ሥሩን ይዘሽ በቀስታ ስታሽከረክሪው ይከፈታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስስ ሞዴስ ደርበሽ አድርጊ፤ ልብስሽ ይበላሻል ብለሽ ሳትሰጊ ትለምጂያለሽ።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ማውጣቱ ነው። ካፑ ወደ ሆድ ገብቶ አይጠፋም፤ የማሕፀን በር ይዘጋዋል። ባይወጣ እንኳ ተረጋግተሽ ቁጢጥ በይና እንደ ማማጥ ወደ ታች ግፊ፤ ሥሩ ወደ ጣትሽ ይወርዳል። ከካፑ ሥር ያለችውን ቀጭን ጭራ ብቻ ይዘሽ አትጎትቺ። ካፑ አየር ስቦ ስለሚጣበቅ ያማል። ሥሩን በሁለት ጣት ጨብጠሽ ስትጫኚው የሳበውን አየር ይለቃል፣ ያኔ አንዱን ጠርዝ አስቀድመሽ ታወጪዋለሽ። ደሙን ደፍተሽ፣ በንጹሕ ውሃ አጥበሽ ትመልሺዋለሽ። በዚያ ሰዓት ውሃ ከሌለ በንጹሕ ሶፍት ጠርገሽ አስገቢውና በሚቀጥለው ጊዜ እጠቢው፤ እጅሽን የምትታጠቢበትን ግማሽ ሊትር ውሃ ግን በፕላስቲክ ጠርሙስ ያዢ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በጉድጓድ መጸዳጃ ላይ ስታወጪ ሁለተኛ እጅሽን ከሥር አድርጊ። እርጥብ ሲሊኮን ይንሸራተታል፤ እዚያ የወደቀ ካፕ ደግሞ አይመለስም።

ዶርም ውስጥ የሚያስቸግረው ማፍላቱ ነው፤ ምድጃ አይፈቀድም። በወር አበባው ቀናት ግን ማጠብ ይበቃል፤ ማፍላት የሚያስፈልገው በአንዱና በሚቀጥለው የወር አበባ መካከል አንድ ጊዜ ነው። ከግቢ ውጭ ቤት የተከራየች ጓደኛ ወይም ዘመድ ካለችሽ በወር አሥር ደቂቃ ምድጃዋን ትለምኛታለሽ። ካፑን ሲደርቅ በጨርቅ ከረጢት አስቀምጪው፤ አየር በማያስገባ ዕቃ አትክደኝው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ ላይ የወጣ ግምገማ 43 ጥናቶችን አሰባስቦ፣ ካፕ ከሞዴስና ከታምፖን ያላነሰ እንደሚይዝ፣ ኢንፌክሽንም እንደማያበዛ ደምድሟል። ለመልመድ ወራት እንደሚወስድም ያው ግምገማ ይናገራል። ከለመዱት መካከል ሰባ በመቶ ያህሉ መቀጠል ፈልገዋል፤ የቀሩት አልፈለጉም። አንቺም ካልፈለግሽ መተው መብትሽ ነው።

ያኔ ከተራው ሞዴስ ሌላ የሚቀረው አማራጭ ታጥቦ የሚያገለግለው ሞዴስ ነው። ፍሬወይኒ መብራህቱ በመቀሌ ፋብሪካ ከፍታ የምታመርተው ዓይነት በደንብ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ መስጣት አለበት። ዶርም ውስጥ የሚያጋጥመው ችግር ሴት ልጅ አፍራ ከፍራሽ ሥር ወይም ከሌላ ልብስ በታች ማድረቋ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ማሳከክና ቁስለት ያመጣል። ግልጽ ገመድ ላይ ለመስጣት የማትደፍሪ ከሆነ ይህን አትምረጪ።

እናትሽ ስለ ድንግልና ትጠይቅሽ ይሆናል። በቅንነት መልሺላት። የብልት መግቢያ ላይ ያለው ስስ ሥጋ መግቢያውን የሚዘጋ ክዳን አይደለም፤ በየሴቱ ቅርጹ ይለያያል፣ ይለጠጣል። ካፕ ወይም ታምፖን ሊለጥጠው፣ አንዳንዴም ትንሽ ሊሰነጥቀው ይችላል። ድንግልና ግን በዚያ ሥጋ አይለካም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ የሕክምና መሠረት እንደሌለው ገልጾ እንዲቆም ጠይቋል። ይህ ሁሉ ተነግሯትም እናትሽ ካልተዋጠላት፣ ወይም አንቺ ራስሽ ካልተዋጠልሽ፣ በሞዴስ መቆየት ምንም ጉዳት የለውም።

ካፕን ሳያማክሩ መጀመር የማይገባቸውም አሉ። ሉፕ ያስገባች ሴት ካፑን ስታወጣ ሉፑን አብራ ልትስበው ስለምትችል አስቀድማ ጤና ባለሙያ ታነጋግር። በግርዛት ብልቷ የተሰፋ ሴት፣ ካፕም ሆነ ታምፖን ከማስገባቷ በፊት ሐኪም ማየት አለባት። በቅርቡ የወለደች፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ያላትም እንዲሁ፤ እስኪጣራ ድረስ ሽቶ የሌለው ተራ ሞዴስ ትጠቀም።