የአበል ነገር፦ ከፍራንክፈርት እስከ ከዚራ

ድሬዳዋ ላይ ሰውን «ስንት ይከፍሉሃል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ትሰማላችሁ። አንዱ ደመወዙ ነው፣ ሌላው አበሉ። ሁለተኛው ሲጠራ ድምፁ ትንሽ ሞቅ ይላል፤ ግብር አይነካውም ተብሎ ይታመናልና። እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ሥራዬ ከከተማ ከተማ ያዞረኛል። እዚያም አበል አለ፣ እዚያም ግብር አይነካውም። ግን እንደ ሁለተኛ ደመወዝ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። እንዲወራለትም አይሆንም፤ ጀርመኖች ቁርስህን ሳይቀር ቆጥረው ነው የሚሰጡህ።

ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም። በጀርመን የጉዞ አበል ከግብር ነፃ የሚሆነው የምግብ ወጪህን ይተካል ተብሎ ነው። ቤትህንና መደበኛ የሥራ ቦታህን ትተህ ከስምንት ሰዓት በላይ ከዋልክ 14 ዩሮ ይታሰብልሃል። ሙሉ 24 ሰዓት ከቤት ውጭ ከሆንክ 28 ዩሮ። አድረህ የምትመለስ ከሆነ የሄድክበት ቀንና የተመለስክበት ቀን 14፣ 14 ናቸው። የምሳ ደረሰኝ ማንም አይጠይቅህም። የሚጠየቀው መቼ ወጣህ፣ መቼ ተመለስክ፣ የት ነበርክ፣ ለምን ሥራ የሚለው ነው። በሃያ ስምንቱ ዩሮ ዳቦና አይብ በልተህ ብታተርፍ ትርፉ ያንተ ነው።

አሁን አንድ ሰው ሰኞ ወደ በርሊን ሄዶ ሐሙስ ተመለሰ እንበል። ሰኞ 14፣ ማክሰኞ 28፣ ረቡዕ 28፣ ሐሙስ 14፤ ድምሩ 84 ዩሮ ነው። ነገር ግን ሆቴሉን ቁርስ ጨምሮ የከፈለው መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁርስ 5.60 ይቀነሳል፣ ማለትም የሃያ ስምንቱ 20 በመቶ። በሦስቱ ጠዋቶች 16.80 ሄደ፣ 67.20 ቀረ። ማክሰኞ ስብሰባው ላይ ምሳ ተጋብዟል፤ ለምሳና ለእራት የሚቀነሰው 40 በመቶ ስለሆነ 11.20 ይወርዳል። እጁ ላይ ከግብር ነፃ ሆኖ የሚደርሰው 56 ዩሮ ነው። አሠሪው ቸር ሆኖ 84ቱን እንዳለ ልስጥ ቢል ማንም አይከለክለውም፤ ልዩነቱ 28 ዩሮ ግን ግብር ይከፈልበታል። ሐሙስ ጠዋት ቁርሱን ሳይበላ ባቡር ለመያዝ ቢሮጥ እንኳ ቁርሱ ይቀነስበታል፤ ቀርቦለት ነበራ!

ከጀርመን የመጣ ሰው ድሬዳዋ ሆቴሎች ውስጥ የሚካሄደውን ስልጠና ሲያይ መገረሙ አይቀርም። ሰልጣኙ ጠዋት ቡናና ኩኪስ፣ ቀን ቡፌ፣ ከሰዓት ደግሞ ሻይ ይቀርብለታል። አንዳንዱ ማደሪያውም ተከፍሎለታል። ከዚያ በመጨረሻው ቀን ተሰልፎ ፈርሞ ሙሉ አበል ይቀበላል። ይህን ስል የአክስቴ ልጅ፣ ከዚራ ውስጥ ለአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ የሚሠራው፣ «አቦ! ቡፌውን ልትቀንስብን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። መቀነሱን አልፈልገውም። ደመወዙ በማይበቃበት አገር አበል ቤት እንደሚደግፍ አውቃለሁ። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ምግቡ ከቀረበና አልጋው ከተከፈለ ገንዘቡ የየትኛው ወጪ ምትክ ነው?

የኢትዮጵያ ሕግም መነሻው ከጀርመኑ አይለይም። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 65 ከግብር ነፃ የሆኑ ገቢዎችን ሲዘረዝር፣ ለሥራ ጉዳይ ለተደረገ ጉዞ ወጪ መተኪያ የሚከፈለውን ያካትታል። መጠኑን የሚወስነው መመሪያ ነው። መመሪያው ለቀን አበል ጣሪያ ያበጃል፤ አንዱ በብር የተቆረጠ፣ ሌላው በደመወዝ መቶኛ፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። የብሩ መጠን በየጊዜው የሚሻሻል ስለሆነ በሥራ ላይ ያለውን ከገቢዎች ቅርንጫፍ መጠየቅ ይሻላል። ከጣሪያው በላይ የተከፈለው ከወሩ ደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይቆረጥበታል። ሙሉው አበል አይደለም የሚቆረጥበት፣ የተረፈው ብቻ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ጣሪያውን በአንድ ብር ካለፈ ሁሉም ግብር ውስጥ ይገባል ብሎ የሚፈራ አለ።

በደረሰኝ የሚመለስ ወጪ ግን ሌላ መንገድ አለው። የሆቴል ክፍያውን በደረሰኝ አስመዝግበህ ገንዘብህን ስታስመልስ አበል አልተቀበልክም፤ የድርጅቱን ወጪ ከኪስህ ከፍለህለት መለሰልህ። ደረሰኙ በድርጅቱ ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ የተቆረጠ ሕጋዊ ደረሰኝ መሆን አለበት። ቅድሚያ ክፍያ ወስደህ የሄድክ ከሆነ ተመልሰህ ታወራርዳለህ፤ የተረፈውን ትመልሳለህ። ያላወራረድከውና ያልመለስከው ገንዘብ አንተ ዘንድ የቀረ ጥቅም ነው፤ ኦዲተር ደመወዝ ነው ብሎ ቢይዘው አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ የጀርመኑን አንድ ነገር ወድጄዋለሁ። ለሥራ ሄደህ ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ብታድር፣ አሠሪህ ለአንድ ሌሊት 20 ዩሮ ያለ ምንም ደረሰኝ ከግብር ነፃ ሊሰጥህ ይችላል። ድሬዳዋና ሐረር ዘመድ የሌለው ማን አለ? ሳቢያን አክስቱ ቤት አድሮ ከአንድ ፔንሲዮን ደረሰኝ «የሚገዛ» ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ያለ ደረሰኝ ትንሽ የሚፈቅድ ሕግ የሐሰት ደረሰኝ ገበያውን ያቀዘቅዘው ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ዋናው ጣጣ ግን ስልጠናውም ደረሰኙም አይደለም። ጉዞ ሳይኖር የሚከፈል አበል ነው። የአክስቴ ልጅ ያሳየኝ የደመወዝ አከፋፈል ዓይነት እንዲህ ነው፤ ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች አድርጌዋለሁ። ሠራተኛው በውል 9,000 ብር ደመወዝ አለው። በየወሩ ደግሞ 6,000 ብር «የመስክ አበል» ይከፈለዋል። መስክ ግን አይወጣም። ቢሮው ኮኔል ነው፣ ቤቱም እዚያው ነው።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የግብር ሠንጠረዥ፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ በደረጃ ከ15 እስከ 35 በመቶ ይሄዳል። የ9,000 ብር ደመወዝ ግብር 1,400 ብር ይሆናል። 15,000 ብር ሁሉም ደመወዝ ቢሆን ግብሩ 3,200 ነው። ስለዚህ በወር 1,800 ብር «ተረፈ»። በዓመት 21,600 ብር። ሠራተኛው ደስ ይለዋል፤ አሠሪውም ሳይጨምርለት የጨመረለት ይመስላል።

አሁን ሌላውን ወገን እንይ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የሚታሰበው በደመወዝ ላይ ነው፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። አበል አይገባበትም። በ6,000 ብሩ ላይ በየወሩ መግባት የነበረበት 1,080 ብር አልገባም፤ ከዚያ ውስጥ 660ው ከአሠሪው ኪስ የሚወጣ ነበር። ጡረታው ሲወጣ የሚሰላው በዘጠኝ ሺው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የውሎ አበልን ከደመወዝ ትርጉም ውጭ ያደርገዋል። አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባው ቢሆን፣ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለቀጣዮቹ አራት ዓመታት ለእያንዳንዳቸው ሲሶ ይታሰብለታል። በ9,000 ሲሰላ 21,000 ብር፣ በ15,000 ቢሆን 35,000 ብር። ያን ቀን «አበሌም ደመወዜ ነው» ቢል በገዛ ፊርማው አበል ብሎ የተቀበለበት ፔይሮል ፊቱ ይቀርባል።

ገቢዎች ይህን እንዴት ያውቃል? ከባድ አይደለም። እውነተኛ አበል ወር ከወር ይለያያል፤ ይኸኛው በየወሩ አንድ ዓይነት ነው። እውነተኛ አበል የጉዞ ትዕዛዝ ደብዳቤ፣ የመነሻና የመመለሻ ቀን፣ የሄደበት ቦታ ማረጋገጫ አለው፤ ይኸኛው ከደመወዝ ጋር በአንድ ወረቀት ይከፈላል። ከሁሉ የሚያጋልጠው ደግሞ የዓመት ፈቃድ ነው። ሰውዬው ወሩን ሙሉ ፈቃድ ላይ ሆኖ የመስክ አበል ከተከፈለው ኦዲተሩ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ከዚያ ግብሩን ቀንሶ ማስቀረት የነበረበት አሠሪው ስለሆነ ያልተቆረጠው ሁሉ ከቅጣትና ከወለድ ጋር ይመጣበታል።

ለሁለቱም አገሮች ሕግ አስቸጋሪ የሆነ አንድ ጉዳይ ሐረር መንገድ ላይ አለ። ድሬዳዋ የሚኖር መሐንዲስ ሐረር ላይ ሕንፃ እንዲቆጣጠር ተመደበ። ደንገጎን እየወጣ በየቀኑ ይመላለሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ጉዞ መሆኑን ማንም አይክድም። ሥራው ዓመት ቢፈጅስ? ጀርመን እዚህ ላይ ቆራጥ ነው፦ በአንድ ቦታ ሦስት ወር ከሠራህ በኋላ የምግብ አበሉ ከግብር ነፃ መሆኑ ያበቃል። የት ርካሽ ምሳ እንዳለ እስከዚያ አውቀሃል ባዮች ናቸው። አራት ሳምንት ከቦታው ከራቅህ ግን ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የማትሄድ ከሆነም ቆጠራው አይነካህም።

የአክስቴ ልጅ ድርጅትም ሐረር ላይ እንዲህ ያለ ሰው አለው። እኔ ያልኩት ሁለት ነገር ነው። የምደባ ደብዳቤው የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ይያዝ፤ ሲራዘም አዲስ ደብዳቤ ይጻፍ። አበሉም በተመላለሰባቸው ቀናት ልክ ይቆጠር እንጂ በወር ተቆርጦ አይከፈል። ደብዳቤውን ፈልጎ ሲያወጣው ቀን የሚባል ነገር የለውም። «እስከ ሥራው ፍጻሜ» ነው የሚለው።