ሽያጩን ተዉት፣ የሚወጣውን ብር ጻፉ

ለባለሱቆች የሚሰጠው ምክር ሁሌ አንድ ነው፣ «የሸጥከውን ሁሉ መዝግብ»። እንደኔ እንደኔ ሰው ደብተሩን በሦስተኛው ቀን የሚጥለው በዚሁ ምክር ምክንያት ነው። ኮተቤ ያለችው አክስቴ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዳቦ የሚጠብቁ አስር ሰዎች ቆመውባት፣ አንዱ ሳሙና አንዱ ክብሪት ሲላት፣ እስክሪብቶ ይዛ «ክብሪት፣ አንድ» ብላ ልትጽፍ ነው? አይሆንም።

እኔ የምለው ሽያጩ ማታ በስሌት ይገኛል፣ በቀን ውስጥ መጻፍ ያለበት ከመሳቢያው የሚወጣው ብር ብቻ ነው። እሱ ደሞ ብዙ አይደለም፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ቢሆን ነው። ዳቦ አምጪው፣ የለስላሳ አከፋፋዩ፣ እቁብ፣ ተሸካሚ፣ «ለወጥ የሚሆን ስጪኝ» ምናምን።

አንድ ቀን አብረን የሰራነውን ላሳያችሁ። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት መሳቢያ ውስጥ ለመልስ ያደረ 1,500 ብር ነበር፣ ቴሌብሯ ላይ ደግሞ 2,200፣ ሁለቱ አንድ ላይ 3,700። ቀን የወጣው፦ ዳቦ 1,200፣ ለስላሳ 2,400 (በቴሌብር የላከችው)፣ እቁብ 500፣ ለቤት 350፣ ተሸካሚ 80፣ ድምሩ 4,530። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስትዘጋ መሳቢያው ተቆጠረ፣ 7,140፣ ስልኩ ላይ 1,350፣ ድምር 8,490። እንግዲህ ማታ ባለው ላይ የወጣውን ትደምርና ጠዋት የነበረውን ትቀንሳለህ፣ 8,490 ሲደመር 4,530 ሲቀነስ 3,700፣ 9,320 ይመጣል። ይሄ በዛ ቀን የገባ ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ግን 400 ብሩ ጎረቤት የድሮ ዱቤ የከፈለችው ስለሆነ ይቀነሳል፣ የቀኑ የእጅ በእጅ ሽያጭ 8,920 ብር። በቃ፣ ግማሽ ገጽ አልሞላም።

መሳቢያውንና ቴሌብሩን ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ የምደምረው በምክንያት ነው። ደንበኛ 500 በቴሌብር ልኮ 300ውን በጥሬ «መልሺልኝ» ይላል አይደል፣ ለየብቻ ከያዝከው ይሄን ሁሉ መጻፍ ልትገደድ ነው፣ አንድ ላይ ከሆነ ግን በስልክ 500 ገባ ከመሳቢያ 300 ወጣ፣ ሳትጽፈው ራሱ ወደ 200 ይመጣል። የግል ብር በዛው ስልክ ላይ ከገባ ግን (ልጅ ከአረብ አገር ላከች እንበል) እሱ ሽያጭ አይደለም፣ እንደ ዱቤው ተጽፎ ይቀነሳል።

ዱቤ ላይ አክስቴ መጀመሪያ የተሳሳተችው ነገር አለ። ዘይት በዱቤ ስትሰጥ ማታ ሽያጩ ላይ ትደምረዋለች፣ ሰውየው ወር ሲሞላ ሲከፍል ደሞ ብሩ መሳቢያ ስለሚገባ ስሌቱ እንደገና ሽያጭ ያደርገዋል፣ አንድ ዘይት ሁለቴ ተሸጠ ማለት ነው። ዱቤ ሲሰጥ የዱቤ ደብተር ላይ ብቻ ይጻፋል፣ ወደዚህኛው ደብተር የሚመጣው የተከፈለ ቀን ነው፣ እሱም እንደ ጎረቤቷ 400 ብር ተጽፎ ሊቀነስ።

አሁን የዚህ ዘዴ ድክመት፣ ብዙ ሰው አይነግራችሁም እንጂ ትልቅ ነው። ስሌቱ ሁሌም ልክ ይመስላል። ለቤት የወጣውን 350 ብር መጻፍ ብትረሳ ደብተሩ «ጎደለ» ብሎ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ሽያጩን 8,570 ያደርገዋል። ሰው ቢሰርቅም እንደዛው፣ ገበያ የቀዘቀዘ ይመስልሃል። ስለዚህ አልፎ አልፎ በሌላ መንገድ መፈተን አለበት፣ ለዛ ደሞ እንደ ዳቦ የሚመች የለም ምክንያቱም በቁጥር ይገባል በቁጥር ይቀራል።

ለአንድ ሳምንት የዳቦውን ብር ለብቻ ቆርቆሮ ውስጥ እንድትጥል አደረግን፣ ማታ ከመሳቢያው ጋር ይቆጠራል። 150 ዳቦ ገባ፣ 12 ቀረ፣ 138 ተሸጠ፣ አንዱ በ10 ብር 1,380 መገኘት ነበረበት። ቆርቆሮው ውስጥ የነበረው 1,250 ነው። የ13 ዳቦ ብር የለም! አክስቴ ወዲያው የጠረጠረችው የምታግዛትን ልጅ ነበር (ሁሌም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰራተኛ ነው፣ ያሳዝናል)። በማግስቱም 12 ጎደለ፣ በሦስተኛው ቀን 13። እኔን የገረመኝ ቁጥሩ በየቀኑ መመሳሰሉ ነው፣ የሚሰርቅ ሰው እንደዚህ ልክ አይጠብቅም። ቁጭ ብለን ስንቆጥር ለካ የራሷ ቤት ቁርስና የልጆቹ ምሳ ዕቃ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከሱቅ በፌስታል የሚሄደው። ብር ስላልወጣ ማንም አልጻፈውም።

አሁን «ለቤት» የሚለው መስመር ላይ ዳቦውም በቁጥር ይጻፋል፣ ልጅቷም ይቅርታ ተጠይቃለች።