በሁለት የሚያባዛ እጅ ይባረክ

ሌላ አገር ሰው ለአንድ ቅባት ዋጋ ለማውጣት ወረቀትና ካልኩሌተር ይዞ ሲጨነቅ ያድራል አሉ። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። ቡናው ተጠጥቶ ሳያበቃ ያልቃል። የሺያ በተሩ ዋጋ ይጠራል፣ የዘይቱ ይደመራል፣ በዕቃው ብዛት ይካፈላል፣ በሁለት ይባዛል፣ ቶናው ሲቀዳ የጅምላ ዋጋ ወጥቷል። በረካ ላይ ደግሞ የችርቻሮው ይወጣል፤ እሱማ ያው ባለሱቁ እንደፈለገ ነው። እሰይ! ይህን ያህል ፍጥነት ያለው ሥራ በከተማችን ሌላ የት ይገኛል?

ለማያውቅ ሰው ጥበቡን በአንድ ድስት እናሳየው። በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ድስት 2 ኪሎ ተኩል ሺያ በተር፣ 800 ግራም የኮኮናት ዘይት፣ 400 ግራም የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ 200 ግራም ሰም፣ ሽቶውና ቫይታሚን ኢው አንድ ላይ 100 ግራም ገብቷል፤ በድምሩ 4 ኪሎ። ይህ ሁሉ 2,850 ብር ፈጀ እንበል። ባለ100 ግራም ዕቃ ስለሆነ 40 ይወጣል ተብሎ ለ40 ይካፈላል፤ 71 ብር ከምናምን። በሁለት ሲባዛ 142፣ ለአፍ እንዲመች 150። ተፈጸመ። «በአንዱ ላይ ሰባ ዘጠኝ ብር አተረፍኩ» ብሎ ደስ መሰኘት ነው እንግዲህ።

ድስቱ ግን ክፉ ነው፤ 40 አይሰጥም። ግድግዳውና ማንኪያው ላይ የሚቀረው፣ ሱቅ ላይ ደንበኛ ጣቷን ነክራ የምትሞክረው ሲነሳ የሚሸጠው 38 ነው፤ ስለዚህ ጥሬ ዕቃው 75 ብር ሆኗል። ማሸጊያው ከነክዳኑ፣ ከነተለጣፊ ወረቀቱና ከካርቶኑ ድርሻ ጋር 26 ብር ነው። ያማሰሉት፣ የሞሉትና የለጠፉት ሁለት ሰዎች 600 ብር ቢከፈላቸው በአንዱ ላይ 16 ብር ያርፋል። ያማሰለችው እህታችን ናት፣ እሷ ገንዘብ አትጠይቅም የምትሉ ካላችሁ ብፁዓን ናችሁ፤ እህትየው ስታገባ ግን ተተኪዋ መጠየቋ አይቀርም፣ ያኔ ዋጋው ስለ እህትየው ሠርግ ምንም አያውቅም። ለመንገድ 7 ብር ጨምሩበት። ድምሩ 124 ነው። ከ150 ሲነሳ ትርፉ 26 ብር እንጂ 79 አይደለም። ነገር ግን ይህን የሚያሰላ ሰው እንቅልፍ ስለሚያጣ አለማስላቱ ለጤና ይመከራል።

አሁን ቅባቱ ፒያሳ ይወርዳል። ባለሱቁ በትህትና «እኔ ሠላሳ በመቶ ነው የምሠራው እታለም» ይላል። ባለቅባቷም በደስታ 150 ላይ 30 በመቶ ትጨምርና «እንግዲያው 195 ሽጠው» ትለዋለች። ሁለቱም ተስማምተው ይለያያሉ፤ የተስማሙት ግን በሁለት የተለያየ ነገር ነው። እሱ ሠላሳ ሲል መሳቢያው ውስጥ ከሚገባው ከያንዳንዱ መቶ ብር ሠላሳውን ማለቱ ነበር። ከ195 ላይ የሚያገኘው 45 ብር ነው፤ ይህ ደግሞ 23 በመቶ ነው። እሱ ያሰበውን እንዲያገኝ 150ን በ1.3 ማባዛት ሳይሆን ለ0.7 ማካፈል ነበረባት፤ 214 ከምናምን፣ ማለትም 215 ብር። የሃያ ብሯ ልዩነት ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ያቺ ሃያ ብር ናት ቅባቱን ከዓይን ትይዩ መደርደሪያ አንስታ ከሳሙናው በታች ወለሉ አጠገብ የምታስቀምጠው። ባለሱቁ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። በ215 ውስጥ 28 ብሩ የመንግሥት ነው፤ እሷ የቫት ደረሰኝ ካልሰጠችው የሚያቀናንሰው ነገር የለም፣ ለእሱ የሚቀረው 37 ብር ብቻ ነው። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ግን ነውር ነው፤ ሰው ሱቅ ገብቶ ስለ ደረሰኝ ያወራል እንዴ?

ደግነታችን በዚህ አያበቃም። «ደርዘን ለወሰደ አንድ በነፃ!» የሚለውን ያመጣ ሰው ሐውልት ሊቆምለት ይገባል። 12 ከፍሎ 13 ይወስዳል። አንድ ዕቃ ምን አላት? ይባላል። በ150 ሂሳብ 1,800 ብር ገብቷል፤ የ13ቱ ወጪ 1,612 ነው። ሳትመርቅ ብትሸጥ 312 ብር ታተርፍ የነበረችው አሁን 188 ይዛ ትመለሳለች። አንዷ ዕቃ የትርፉን ከሲሶ በላይ ይዛ ሄደች። አሥር በመቶ ቀንሺልኝ ሲሏት «አሥር ምን ትላለች» የምትለውም እንዲሁ ናት፤ ያቺ አሥር በመቶ 15 ብር ናት፣ ያላት ደግሞ 26። ቅናሽ የሚቆረጠው ከዋጋው ላይ ይመስላል እንጂ ወጪው አብሮ ስለማይቀንስ የሚበላው ትርፉን ብቻ ነው። አትርፍ ባይ አጉዳይ ያሉት አባቶች ይቺን ሳያዩ ነው የሞቱት።

ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቅባቱም ይሄን ያውቃል። ሺያ በተር ሠላሳዎቹን ዲግሪ አጋምሶ ሲያልፍ ይቀልጣል፤ በመኪና መስታወት ሥር ወይም ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ላይ ይህ ሙቀት ሩቅ አይደለም። መቅለጡ ባልከፋ፤ ማታ ቀስ ብሎ ሲረጋ ግን እንደ ገንፎ ጓጉሎ ሲነኩት እህል እህል ይላል። ደንበኛዋ «ተበላሽቷል» ትላለች፣ ባለሱቁ ይመልሳል። 20 ልካ ሁለት ቢመለስባት የጠፋው 248 ብር ነው፤ ያንን ለመሸፈን በ26 ብር ትርፍ ወደ 10 የሚጠጉ ዕቃዎችን መሸጥ አለባት። ስለዚህ የተቀሩት 18 ግማሾቹ የሚሸጡት ለሁለቱ ተዝካር ነው ማለት ነው። ሰም ጨምሮ፣ አቅልጦ ከሞሉ በኋላ ቶሎ አቀዝቅዞ መላክ ይቻል ነበር፤ ግን ሰሙም ዋጋ አለው፣ ዋጋ ደግሞ ወጥቶ አልቋል።

ዋናው ጀግንነት ግን ገና ነው። ቅባቱ ፒያሳ፣ ሸዋ በርና አራዳ ሱቆች በ215 ተደርድሮ ሳለ ባለቤቲቱ ማታ ቴሌግራም ላይ ትወጣለች፤ «ከአምራቹ በቀጥታ! 160 ብር! ያሉበት እናደርሳለን!» እልል ነው። ለሱቁ በ150 ሰጥታ ለመንገደኛው በ160 መስጠቷ ለሕዝቡ ያላትን ፍቅር ያሳያል። በማግስቱ አንዲት ኮረዳ ስልኳን ባለሱቁ ፊት ትደቅናለች፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ለምን ሃምሳ አምስት ብር ጨመሩ?» ባለሱቁ ምን ይመልስ? ሌባ ተባለ እኮ፣ ያውም በራሱ መደርደሪያ። ዕቃውን አይመልስም፣ ይሉኝታ አለው። ዝም ብሎ ከጀርባው ያስቀምጠዋል፤ ሌላ ሰው ሲጠይቅ «አልቋል፣ ይሄኛውን ውሰጂ» ይላል። ከወር በኋላ ገንዘብ ልትቀበል ስትመጣ አቧራ የጠጡ ዘጠኝ ዕቃዎች ይጠብቋታል፣ አንደኛው ላይ የጣት ዱካ አለበት። «የደሴ ነጋዴ የአገሩን ምርት አያበረታታም» ብላ ብታማርር ይፈረድባታል?

በዚያ ላይ 160ውም ቢሆን እንደምታስበው አይደለም። ባጃጁ፣ ስልኩ፣ «ፎቶ ላኪልኝ» እያሉ ሦስት ቀን አውርተው የሚጠፉት፣ ቦታው ደርሶ የማያነሳው ሁሉ ባለሱቁ በ65 ብሩ ይሸከምላት የነበረ ሥራ ነው። እሷ በአሥር ብር ተረከበችው።

ከመካከላችን ግን አንዳንድ ጨካኞች አልጠፉም። እንዲህ ያለችዋ ሴት ድስት ሳትጥድ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች፤ ዕቃዋ አጠገቡ የሚቀመጠውን ባለ100 ግራም ቅባት ዋጋ ታያለች። 260 ብር ቢሸጥ የደሴ ሰው ይገዛዋል ብላ ከዚያ ወደኋላ ትቆጥራለች። የሱቁ 30 በመቶ 78 ብር፤ ለሷ የሚቀረው የጅምላ ዋጋ 182። ከዚያ ላይ 124 ወጪዋን ስታነሳ 58 ብር ታገኛለች፤ አሥር በመቶ ቀንሺ ብትባል እንኳ 40 ብር ይዛ ትወጣለች። መደርደሪያው 260 የማይሸከም ሆኖ 220 ብቻ ቢሆን ዋጋውን አትሰብርም፣ ማሸጊያውን ታሳንሳለች፤ 80 ግራም ስትሞላ ጥሬ ዕቃው 60 ይሆናል፣ ጠቅላላው ወደ 109 ይወርዳል፣ ጅምላው 154 ቢሆን 45 ብር ይተርፋታል። ይህ ልብ ነው ድንጋይ?

ሱቁ እጅ በእጅ ከከፈላት ሠላሳውን ትሰጠዋለች፤ ሲሸጥ እከፍላለሁ ካላት ግን ገንዘቡ የታሰረው የሷ ነውና ሃያ አምስት ብቻ ነው፤ ከ260 ላይ 195 ትቀበላለች። ዋጋ ስትጨምር ደግሞ ሌሊት ሺያ ተወደደ ብላ ጠዋት አትደውልም፤ ቀን የተጻፈበት የዋጋ ወረቀት ከሁለት ሳምንት በፊት ታድላለች፣ ባለሱቁ የለጠፈውን ዋጋ እንዲቀይር። ቴሌግራሟን ብትከፍቱት ያው 260 ነው፣ ዱሮም 260፤ ከሥሩ የሱቆቹን አድራሻ ዘርዝራለች። ማጓጓት ስትፈልግ ከዋጋው አትቀንስም፣ 10 ግራም መሞከሪያ ትመርቃለች። አክስቷ እንኳ በጅምላ ዋጋ አታገኝም፤ ካዘነችላት ከራሷ ኪስ ገዝታ ትሰጣታለች እንጂ ዋጋውን አትነካም።

ባለሱቆቹ ስሟ ሲነሳ «ውይ፣ እሷማ አስቸጋሪ ናት፣ ከወረቀቷ ንቅንቅ አትልም» ይላሉ። ይህን እያሉ ሁለት ደርዘን ያዛሉ።