ዐይን ጨፍኖ ሂስ ስለመቀበል

በሰኞ ጠዋቱ የክፍላችን ስብሰባ ላይ፣ የግዢ ሪፖርት የሚያዘጋጀው ባልደረባችን አስተያየት ሲሰጠው ዐይኑን ጨፈነ። ጸሐፊዋ ያመመው መስሏት ውኃ ልታመጣለት ተነሥታ ነበር። እሱ ግን በረጅሙ ተንፍሶ ዐይኑን ገለጠና «ስለ አስተያየቱ ከልብ አመሰግናለሁ» ካለ በኋላ፣ እስከ ስብሰባው ፍጻሜ ድረስ ፊቱን እንደ ሐውልት አድርጎ ተቀመጠ። ለሁለተኛው አስተያየት ጨፈነ፣ ለሦስተኛውም ጨፈነ። ለካስ «በሥራ ቦታ ስሜትን መግዛት» ከተባለ ሥልጠና መመለሱ ነው።

ሥልጠናው የተሰጠው እንደ ልማዱ ቢሾፍቱ ነው። ስሜታችን የሚፈላው ሦስተኛ ፎቅ ባለው፣ መስኮቱ በማይከፈተው የስብሰባ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ስሜትን መግዛት የምንማረው ለምን ሐይቅ ዳር እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ቢሾፍቱ ላይ አበሉ ካልዘገየ በስተቀር የሚናደድ ሠልጣኝ የለም። ይህንን የምለው ስሜ በመጨረሻው ሰዓት ከሠልጣኞች ዝርዝር ስለተሰረዘ ነው የሚሉ አሉ፤ መሰረዙ እውነት ነው፣ የሰረዘውንም ሰው አውቀዋለሁ፣ ነገሩን ግን እዚህ አላነሣውም።

ወደ ጨፋኙ ልመለስ። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ኮሪደር ላይ አግኝቼው ስለ ሪፖርቱ ምን እንደተባለ ብጠይቀው «ሪፖርቱን የሚመለከት ነገር ነው» አለኝ። የተባለውን አልያዘውም። ይህ የእሱ ስንፍና አይደለም፤ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተመራማሪው ጄምስ ግሮስና ባልደረቦቹ ደጋግመው ያሳዩት ነገር ነው። ስሜቱን ፊቱ ላይ እንዳይታይ አፍኖ የሚያዳምጥ ሰው፣ አእምሮው ፊቱን በመጠበቅ ስለሚጠመድ በዚያ ሰዓት የተነገረውን በደንብ አያስታውስም። ይባስ ብሎ ስሜቱን ከሚያፍን ሰው ጋር የሚነጋገረውም ሰው የደም ግፊቱ እንደሚጨምር ታይቷል። ሰኞ ዕለት እኔ ለምን እንደተቃጠልኩ አሁን ሳይንሳዊ ምክንያት አለኝ ማለት ነው።

አሠልጣኙ «ከመመለስህ በፊት ቆም በል» ማለቱ ትክክል ነበር። ችግሩ ቆም ብሎ ምን እንደሚሠራ አለመንገሩ ነው። በተለመደው ንግግር ውስጥ ጥያቄና መልስ የሚለያዩት በጣም ጥቂት ነው፤ አማርኛ ባይገባበትም፣ በ10 ቋንቋዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ክፍተቱ በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ሦስት ሰከንድ ዝም ያለ ሰው ከለመድነው 15 ጊዜ ያህል ዘግይቷል፤ የጠረጴዛው ዙሪያ በሙሉ አንገቱን አዙሮ ቢያየው አይገርምም። በእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በሂስና ግለ ሂስ አድጎ በግምገማ የጎለመሰ ሰብሳቢ የሚያውቃቸው መልሶች «እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም» ብቻ ናቸው፤ ዝም ያለ ሰው ወይ ጥፋቱን አምኗል፣ ወይ «ሂስ የመቀበል ችግር አለበት» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

ስለዚህ ዝምታው ሥራ ይፈልጋል፤ ለዚህም ከእስክሪብቶ የተሻለ ነገር አላየሁም። የተባለውን ዐረፍተ ነገር በተናጋሪው ቃል፣ ሳያሳምሩና ሳያከፉ መጻፍ በቂ ጊዜ ይሰጣል፤ ሲጽፉ ደግሞ አራት እስኪቆጠር ያህል ወደ ውስጥ፣ ስድስት እስኪቆጠር ያህል ወደ ውጭ መተንፈስ ይቻላል። ልብ አየር ስናስወጣ ቀስ፣ ስናስገባ ደግሞ ፈጠን ስለሚል፣ ጥቅሙ ያለው በረጅሙ በማስወጣቱ ላይ ነው። ዐይን ወረቀቱ ላይ ስለሆነ ማንም አያስተውልም፤ ውኃ የሚያመጣም የለም።

ሰኞ የተባለውን እንውሰድ። የፋይናንስ ባልደረባችን «የግዢ ሪፖርት ሁልጊዜ ይዘገያል፤ የሚጠየቅም ሰው የለም» አሉ። ይህ ሲጻፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆኑ ይታያል፤ አንደኛው ሊመረመር የሚችል ክስ ነው፣ ሁለተኛው ብሶት ነው። ደም የሚያፈላው ደግሞ «ሁልጊዜ» የምትለዋ ናት። ሳይጽፍ የሚመልስ ሰው ያቺን ብቻ ይዞ «እናንተስ ክፍያ መቼ በጊዜ ታወጣላችሁ!» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሪፖርቱ የሚያነሣ አይኖርም።

ለምን አይኖርም ቢባል፣ አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለው ስለተረቱ ነው። ይህን ተረት እጅግ እወደዋለሁ። በዓለም ላይ ለስብሰባ የዚህን ያህል ጎጂ የሆነ፣ ለጆሮም የዚህን ያህል የሚጥም ምሳሌያዊ አነጋገር ያለ አይመስለኝም። አንድ የመምሪያ ኃላፊ ከዓመታት በፊት የተሳሳተ የበጀት ቁጥር ተናግሮ፣ ያችን ቁጥር ለመከላከል ሁለት ሩብ ዓመት ሲዋጋ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ በጀቱ ግን አልተረፈም። ያ ሰው መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰከንድ ቢያገኝ ኖሮ የሚከላከለው ነገር ባልኖረው ነበር። የመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር ከአፍ እስክትወጣ ድረስ ሁላችንም ምክንያታዊ ሰዎች ነን፤ ከወጣች በኋላ ግን ባለ ርስት እንሆናለን። ሰብሳቢዎች ደግሞ ይህን እያወቁ «እስቲ አሁኑኑ መልስ ስጥበት» ማለታቸው ያበሽቃል፤ ጠብ ጫሪነት እንጂ ስብሰባ መምራት አይደለም።

የጻፈ ሰው ግን የሚጠይቀው አለው። «የየትኛው ወር ሪፖርት ነው የዘገየው?» ቢላቸው ኖሮ «የታኅሣሥና የጥር» ይሉ ነበር፤ ኋላ ያረጋገጥኩት ይህንኑ ነው። በሁለቱም ወር የተገዛው ዕቃ ንብረት ክፍል ደርሶ፣ ፍተሻ እስኪያልቅ የንብረት ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ሳይቆረጥለት ከርሟል፤ ያለ ሞዴል 19 ደግሞ ሪፖርቱ አይዘጋም። «ሁልጊዜ» የተባለው ሁለት ወር ሆነ፤ «የሚጠየቅ የለም» የተባለውም ቢሆን ቢያንስ የሚጠየቅ ክፍል ተገኘለት። ዐይኑን የጨፈነው ባልደረባችን ይህን ሁሉ መናገር ሲችል አመስግኖ ተቀመጠ።

በእርግጥ እስክሪብቶ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ስድብን እንደ ሂስ መዝግቦ «የየትኛው ወር?» ማለት አይቻልም፤ እሱ የሰብሳቢው ጉዳይ ነው። እንዲሁም ሰውዬው እየተናገሩ እርስዎ የሚሰሙት በውስጥዎ የሚያሰናዱትን መልስ ብቻ ከሆነ፣ እጅዎም የጻፈው የራስዎን ቃል ከሆነ፣ ሦስት ሰከንድ አይበቃዎትም። ያን ጊዜ «ሰነዱን አይቼ ነገ በ4 ሰዓት እመልሳለሁ» ማለት ይሻላል። ሰዓቱን መጥራት ያስፈልጋል፤ ሰዓት የሌለው «አያለሁ» በእኛ መሥሪያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ ላስረዳው አስቤ ነበር። ሆኖም የቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ ዛሬ ተበተነ፤ የሪፖርቱ ጉዳይ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር፣ ከምሳ በፊት ባለችው የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ውስጥ ተይዟል። በተራበ ሰው ላይ ሂስ የሚያወርድ አጀንዳ ያዘጋጀው ማን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ስሜን ከሥልጠናው የሰረዘው ያው ሰው ሆኖ ተገኘ።