ክዳኑ ብቻ የተዘጋ ላፕቶፕ

«ላፕቶፔ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ የተቆለፈ ነው። ቢጠፋብኝም ፋይሎቼን ማንም አያያቸውም አይደል?»

ወንድሜ፣ ከእጅህ ሲወጣ በነበረበት ሁኔታ ይወሰናል። ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከነበረ፣ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ሰው ምንም ሊያነብ አይችልም። ክዳኑን ብቻ ከድነህ ቦርሳ ውስጥ ከከተትከው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሊፕ ላይ ነው። የዲስኩ ቁልፍ ራም ውስጥ እንዳለ ይቆያል። የእኔ የተሰረቀው እንደዚያ ሆኖ ነው፤ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አሳጥቶኛል።

ተዘግቶም ቢሆን አንድ ነገር አለ። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቲፒኤም የሚባለው ቺፕ ማሽኑ ሲበራ ቁልፉን በራሱ ይሰጣል። ሌባው ማብሪያውን ሲጫን ዲስኩ ይከፈትና በመሀላችሁ የሚቀረው የዊንዶውስ መግቢያ ብቻ ነው። ያንተን ለማየት ተርሚናሉን በአድሚን ከፍተህ ይህን ጻፍ፦

```
manage-bde -protectors -get C:
```

ዝርዝሩ ውስጥ `TPM And PIN` ሳይሆን `TPM` የሚል ካየህ፣ ሲነሳ ፒን አይጠይቅም ማለት ነው። የዊንዶውስ ፕሮ እትም ካለህ ፒን ጨምርበት። ይዘኸው ስትወጣም ስሊፕ ሳይሆን ሃይበርኔት አድርገው፤ ያኔ ራሙ ባዶ ይሆናል።

ከጠፋ ደግሞ ቶሎ ብለህ በሌላ ስልክ ግባና ኢሜይልህን ከዚያ ላፕቶፕ ላይ አስወጣ። ማሽኑ ክፍት እያለ ከተወሰደ፣ ብሮውዘሩ ውስጥ ክፍት የተተወውን አካውንት የዲስኩ ቁልፍ አይከላከልልህም።