የ80 ቀን ቀጠሮ

ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት ስገባ ጉልበቴን ብረት መታኝ። መብራት ጠፍቶ ነበር። እኔ ደግሞ የቤቱን ጓዳ ጎድጓዳ አውቀዋለሁ ብዬ እንደ ባለቤት ዘው አልኩ። ለካ አራት ዓመት ሙሉ ከጥጉ ያልተነቃነቀው የልብስ ስፌት መኪና መስኮቱ ሥር፣ መሀል መንገድ ላይ ተገሽሯል።

«እኔን!» አለች የእህቴ ልጅ ሚጡ ከጨለማው ውስጥ። «ጋሼ፣ ለመስፋት ብርሃን ፈልጌ እኮ ነው ያዞርኩት።»

ጉልበቴን እያሸሁ ተናደድኩ። አራት ዓመት ብርሃን አልነበረም?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚጡ ልብስ ስፌት መማር የምትመኘው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። መኪናውን የገዛችው ዕቁብ ሲወጣላት ነው። በእግር የሚረገጥ፣ ያገለገለ ሲንጀር፤ ጥቁር ሆኖ ወርቃማ ጽሑፉ ግማሹ የለቀቀ። ቤት በገባ በሳምንቱ ዳንቴል ለበሰ። በወሩ የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠበት። በዓመቱ የዲሽ ሪሲቨሩን ተሸከመ። እንግዳ ሲመጣ የቆሎ ሳህን ይደረብበታል። እዚያ ቤት ውስጥ ያልሠራው ሥራ ቢኖር መስፋት ብቻ ነው።

ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ነው፣ ሦስት ወር። ሰፈሯ ውስጥ፣ ከታክሲ መያዣው ፊት ለፊት። ስለዚህ ሩቅ ነው ማለት አልቻለችም። ሌላ ነገር ማለት ነበረባት።

«ከመስከረም ጀምሮ።» መስከረም ሲገባ «መስቀል ይለፍ»። መስቀል ሲያልፍ ወሩ ተጋምሷል፣ በተጋመሰ ወር ደግሞ ምን ይጀመራል? ጥር ላይ ሠርግ ነው፣ ሦስቱ ቅዳሜ በሚዜነት ይያዛል። ከዚያ ዓቢይ ጾም፤ «55 ቀን በባዶ ሆድ ማን መቀስ ይይዛል?» ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሆዱ ሞላ። ሰኔ ዝናብ ነው። ነሐሴ ፍልሰታ ነው። እንደኛ ለማራዘም የተመቸ የቀን መቁጠሪያ ያለው ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ሌላው ዓለም 12 ወር ያራዝማል፣ እኛ 13ኛ ተጨምሮልናል። እሷንም ጳጉሜን አንጠቀምባትም። «አምስት ቀን ምን ይሠራበታል?» እንላታለን። በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን ስትጨምርልንም ምስጋና የላትም።

እህቴ ደግሞ ልጇን በምሳሌ ትደግፋለች። «ተዋት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ይህን ምሳሌ እወደዋለሁ። ስለምወደውም ነው ያለ ቦታው ሲጠሩት ደሜ የሚፈላው። የሰነፍ ሁሉ መጠለያ አደረጉት! እስቲ እንቁላሉን እንጠይቀው። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ዝም ብሎ ስለተቀመጠ አይደለም። ዶሮዋ 21 ቀን ስለታቀፈችው ነው። ለእህልና ለውሃ ብድግ ብትል እንኳ ሳይቀዘቅዝባት ትመለሳለች። «መስቀል ይለፍና እታቀፋለሁ» ያለች ዶሮ አላየሁም። ሳይታቀፉት ቀስ በቀስ የሚቆይ እንቁላል የትም አይሄድም፣ ይገማል። ከምሳሌው ውስጥ «ቀስ በቀስ»ን ብቻ ወስደን 21ዱን ቀን ማን ዘንድ እንደተውነው አላውቅም።

ስለ ልብስ ስፌት ካነሳሁ አይቀር፣ የቆየ ቂሜን ሳልተነፍስ አላልፍም። አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙንም ሰፈሩንም አልጠራም፣ ልጆች አሉት። ለወንድሜ ሠርግ ሱሪ እንዲሰፋልኝ ጨርቁን ሰጠሁት፣ ቀብድ ከፈልኩ። «ሐሙስ ና» አለኝ። ሐሙስ ሄድኩ። ኦቨርሎኩ ተበላሽቷል። ቅዳሜ መብራት የለም። ማክሰኞ ልጁ አሞታል። በሚቀጥለው ሐሙስ ልጁ ደህና ነው፣ መብራት አለ፣ ኦቨርሎኩ ይጮኻል፤ ጨርቄ ግን ከሰጠሁት ቦታ፣ በሰጠሁት ፌስታል፣ ባሰርኩት ቋጠሮ ተቀምጧል። አልተቆረጠም! የሠርጉ ለት የታላቅ ወንድሜን ሱሪ ለብሼ ሆዴን ነፍቼ ዋልኩ፣ እንዳይወልቅብኝ። የኔው ሱሪ ያለቀው ሙሽሮቹ ማርገዛቸውን ሲያበስሩን ነው። አሁን ድረስ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። ሰውዬው በመጀመሪያው ቀን «አልችልም» ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር? ሌላ ሰፊ እፈልግ ነበር። «ነገ ና» ማለት ትሕትና ይመስላል እንጂ የሰው ቀን መብላት ነው።

ወደ ሚጡ ልመለስ። መጋቢት 3 ቀን ታላቅ እህቷ ሴት ልጅ ወለደች። ዘመድ ገንፎውን ከቦ ተቀመጠ። ጾም ነውና ዘይቱ መሀል ላይ እያብለጨለጨ ሳለ አራሷ አልጋዋ ላይ ሆና «የክርስትና ቀሚሷን ሚጡ ትሰፋታለች፣ መኪና አላት» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። ሚጡም ከሁሉም በላይ አጨበጨበች። ሌላ ጊዜ ማለት ለምዶባታልና ቃሉ ምንም አልከበዳትም።

ማታ ላይ ጣቷን ስትቆጥር አየኋት። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው የምትጠመቀው። አባቶች አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላሉ። 80ኛው ቀን ግንቦት 22 ላይ ዋለ። ሚጡ የዚያን ዓመት ሰበብ አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር፣ «ከፋሲካ በኋላ»። ቆጠረችው። ከፋሲካ በኋላ ብትጀምር ገና የመርፌ ክር ማስገባት ስትማር ሕፃኗ ትጠመቃለች። ክርስትና ደግሞ አይራዘምም። ቄሱን «ኦቨርሎኩ ተበላሽቶ ነው» አይሏቸውም።

«ጋሼ፣ ወንድ ብትሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር» አለችኝ።

በአምስተኛው ቀን ሄዳ ተመዘገበች። ሪሲቨሩ መሬት ወረደ። የቀራት 75 ቀን ነው፣ በቅዳሜና እሑድ ሲሰላ ከ20 ክፍለ ጊዜ ብዙም አይበልጥም።

መጀመሪያ ያሰፏት ወረቀት ነው። ያለ ክር፣ መስመር ባለው የደብተር ወረቀት ላይ፣ መስመሩን ተከትሎ በባዶ መርፌ መውጋት። የእግር መኪና ትዕቢተኛ ነው። ረገጣውን በተሳሳተ አቅጣጫ ከጀመርክ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩን ይበጥሳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እህቴ ቤት በቀዳዳ ወረቀት ተጥለቀለቀ። ክር ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ከጨርቁ ሥር ክሩ ተልፈስፍሶ እንደ ፀጉር ተንጨባረረ። ሚጡ የታችኛውን ክር አምስት ጊዜ ፈታታ አጠነጠነች። መምህሯ አይታ ሳቀች። ከታች ሲዝረከረክ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው፤ የላይኛው ክር በደንብ አልገባም ወይም ላልቷል። (ይህን ስሰማ መሥሪያ ቤቴ ትዝ አለኝ። እንለፈው።)

ቀሚሱን በቀጥታ በሀገር ባህል ጨርቅ ልትቆርጥ ነበር። መምህሯ ከለከለቻት። መጀመሪያ በአቡጀዲ ይሞከራል፣ ርካሽ ስለሆነ ቢበላሽ አያስለቅስም። ሚጡ የሕፃኗን አንገት ለካች፣ 22 ሴንቲ ሜትር። እንዳያንቃት ሁለት ጨምራ አንገትጌውን 24 አድርጋ ቆረጠች። ጎኑን ሰፋች፣ እጅጌውን ሰካች። ቆንጆ ነበር። ልታለብሳት ስትል ቀሚሱ ጭንቅላት ላይ ቆመ። አልወርድም አለ። ሕፃኗ ጩኸቷን ለቀቀችው፣ አራሷም ተከተለቻት።

የሕፃን ነገር እንዲህ ነው። በአካሏ ላይ ትልቁ ነገር ጭንቅላቷ ነው፣ ከደረቷ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ቀሚስ ደግሞ አንገት ላይ የሚደርሰው ጭንቅላትን አልፎ ነው። ሚጡ ጭንቅላቷን ለካች፣ 38። እስከ ክርስትናው ስለምታድግ 40 ብላ ያዘች። 24 ቀዳዳ 40 አያሳልፍም። አንገቱን 40 ቢያደርጉት ደግሞ ቀሚሱ ከትከሻዋ ተንሸራትቶ ይወድቃል። መፍትሔው ከኋላ መሰንጠቅ ነው። የ10 ሴንቲ ሜትር ስንጥቅ ሁለት ጠርዝ ስላለው ቀዳዳውን በ20 ያሰፋዋል። 24 እና 20፣ 44። አራት ሴንቲ ሜትር ለጆሮ ይተርፋል።

ቁልፍ ልታደርግበት አሰበች፣ ያም ቀረ። ሕፃን በጀርባዋ ነው የምትተኛው፣ ቁልፍ ይቆረቁራታል። ሁለት ቀጭን ማሰሪያ ሆነ።

ጨርቁን ሽሮ ሜዳ ሄዳ ገዛች። የእጅ ፈትል ነው፣ አንድ ሜትር። ሳትቆርጠው በፊት ሞቅ ባለ ውሃ አጥባ አሰጣችው። ሲደርቅ ለካችው፣ 94። ስድስት ሴንቲ ሜትር ውሃ በላው። ሰፍታ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው እጥበት ቀሚሱ ሸሚዝ ይሆን ነበር። የእኔን ሱሪ የሰፋው ሰውዬ ጨርቅ ሳይቆርጥ በፊት አጥቦ ያውቃል? አያውቅም። ከሁለተኛው እጥበት በኋላ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የቀረው በዚህ ነው። እሱን ገና አልጨረስኩም፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ግንቦት 22 ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ቆምን። ሕፃኗ ሦስት ጊዜ ውሃ ውስጥ ገብታ ወጣች፣ ሜሮን ተቀባች። ክርስትና እናቷ እርጥብ፣ የምትንፈራገጥ፣ በንዴት የቀላች ልጅ ታቅፋ ቀሚሱን ዘረጋች። ሚጡ ከጎኔ ነበረች፣ ክንዴን ጨብጣ ይዛለች። ጭንቅላቷ አለፈ። ጆሮዋም አለፈ። የግራው እጅጌ ከቀኙ በጣት ያህል ይረዝማል፣ ከእኔና ከእሷ ሌላ ያየ ሰው ግን የለም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ነው መኪናው መስኮት ሥር የሰፈረው። ጉልበቴ እስካሁን አብጧል። «ሰው ሊሰበር ነው እኮ» አልኳት ሚጡን።

«ከሰኞ ጀምሮ ቦታ እቀይርለታለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ።

የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።