ድግግሞሽ እንዳይሆንብኝ እንጂ

ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። የአጎቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አንድ 4 ገጽ ነገር ልኬልሃለሁ። እስኪ ዓይንህን ጣል አድርግበት። ብዙም የለው፣ ነጠላ ሰረዝ ነጠላ ሰረዙን ብቻ ነው።»

ነጠላ ሰረዝ! ጣራው ለሚያፈስ ቤት በሩን ቀለም ቀባልኝ እንደማለት ነው።

ልጁ የሚሠራው እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ ስሟን ከማልጠራት ወረዳ ግብርና ላይ ነው። ጽሑፉ ተቀርጾ በገበያ ቀን በሞንታርቦ ይለቀቃል። ነገሩ ስለ ኮምጣጣ አፈርና ስለ ኖራ ነው። የተሰጠው ጊዜ 3 ደቂቃ ነው። ጮክ ብዬ ሳነበው 9 ደቂቃ ተኩል ፈጀብኝ። እኔ ለጆሮ ሳነብ በደቂቃ 100 ቃል ገደማ ነው የምሄደው፤ ስለዚህ ከ950 ቃል 650ው መሰናበት አለበት። እንዲህ ሲጀምር ደግሞ እዩልኝ፦ «ሀገራችን ኢትዮጵያ በተፈጥሮ ሀብት የታደለች...»። በግ እየጎተተ ገበያ የገባ ሰው ይህን ብሎ አይቆምም። እሱ ቢቆም በጉ አይቆምም።

«ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» የምትል ተረት አለች፤ እወዳታለሁ። ስወዳት ከማብዛቴ የተነሳ ቤቴ ውስጥ ስጀምራት ልጆቼ ይጨርሱልኛል። የሚገርመኝ ግን ይህ ሁሉ ነገር የሚበዛው የት ነው? የዋሸራና የዲማ አገር ላይ! ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት ናት። ሁለት ብቻ። የቆሎ ተማሪው ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጥር አድሮ፣ ሰሙንም ወርቁንም እዚያች ውስጥ ጠቅልሎ ጠዋት መምህሩ ፊት ይቆማል። አንዲት ቃል ከተረፈችው እዚያው ይዋረዳል። የእሱ የልጅ ልጅ ዛሬ ስለ ኖራ 4 ገጽ ይጽፋል።

በዚህ ጉዳይ የቆየ ቂምም አለኝ። አንድ ጊዜ የሰፈራችን ቦኖ ውሃ ቧንቧው ተሰብሮ ስብሰባ ተጠራን። አንዱ ተነሳና «ድግግሞሽ እንዳይሆንብኝ እንጂ ቅድም ወንድሜ እንዳሉት...» ብሎ ወንድሙ ያሉትን በሙሉ አለው። ሦስተኛው ተነሳ፤ «ሁለቱም ተናጋሪዎች ጥሩ አድርገው ገልጸውታል፣ እኔ ለማጠናከር ያህል ነው» አለ። እሱም አጠናከረ። ውሃ ወሳኝ መሆኑን፣ ውሃ ሕይወት መሆኑን፣ ያለ ውሃ መኖር አስቸጋሪ መሆኑን ተስማምተን መሸ። ቧንቧውን ማን ይግዛ የሚለው ሳይነሳ ተበተንን። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ይዘው መጥተው ነበር፣ ባዶውን ይዘው ተመለሱ። እኔም ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ያ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ጽሑፉ።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ማቃናት ሞኝነት ነው። አንድ ሰዓት የደከምክበትን አረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ትሰርዘዋለህ። እኔ እርሳስ ይዤ እያንዳንዱ አረፍተ ነገር ጎን አንዲት ፊደል ብቻ እጽፋለሁ። ችግር የሚያወራው «ች»፣ መፍትሔ የሚያወራው «መ»፣ ሰሚውን አድርግ የሚለው «ተ»፣ ከሦስቱ የትም የማይገባው ባዶ ሰረዝ። 58 አረፍተ ነገር ነበር። 19 «ች»፣ 14 «መ»፣ 5 «ተ»። የቀረው 20 ሰረዝ ነው። ሀገራችን የታደለችበት፣ ዘርፉ ቁልፍ የሆነበት፣ ምናምን። እሱን ለማውጣት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ከዚያ 19ኙን «ች» አንድ ላይ ስትደረድራቸው ጉዱ ይወጣል። ተበታትነው ሳሉ የተለያዩ ይመስላሉ። ጎን ለጎን ሲቆሙ 7ቱ አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ አፈሩ ኮምጥጧል። ከ7ቱ የትኛው ይቅር? ሰውየው ማሳው ላይ በዓይኑ የሚያየውን የያዘው ነው የሚቀረው። ልጁ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «በአካባቢያችን ከሚስተዋሉ ዘርፈ ብዙ ተግዳሮቶች መካከል የአፈር አሲዳማነት ችግር አንዱና ዋነኛው ሲሆን ይህም የአፈር አሲዳማነት ችግር ምርትና ምርታማነትን በመቀነስ ረገድ ከፍተኛ ችግር እየፈጠረ ይገኛል።» በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ «ችግር»! ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን፣ እንደ ዋዛ፣ ማዳበሪያ የጠጣ ገብስ ቀጭጮ እንደሚቀር ጠቅሷል። ወርቁ እዚያ ተቀብሯል። አውጥቼ ራስጌ አደረግኩት፦ «ማዳበሪያ ጨምራችሁም ገብሳችሁ ቀጭጮ ከቀረ አፈሩ ኮምጥጦ ሊሆን ይችላል። አፈሩ ሲኮመጥጥ የማዳበሪያውን ጉልበት ያስርባችኋል፣ ሥሩንም ያቀጭጨዋል።» «ሊሆን ይችላል» ያልኩት ፈርቼ አይደለም። ገብስ የሚቀጭጭበት ሌላም ምክንያት አለና ነው፤ የአፈር ምርመራ የሚመጣውም በዚያ በኩል ነው።

መፍትሔው ላይ ብዙ አልደከምኩም። አፈሩን አስመርምሩ፣ መጠኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። ኖራውን እኩል በትኑና አርሳችሁ ከአፈሩ ጋር አደባልቁት፣ ከመዝራት አንድ ወር ያህል ቀድማችሁ። አለቀ።

አንድ ነገር ግን ይሸውዳል። አረፍተ ነገር ከቦታው ሲነሳ ጅራቱን ይዞ ይመጣል። «ከላይ እንደተገለጸው» ይላል፣ ላዩ የለም። «ይህም» ይላል፣ የትኛው? «ስለሆነም» ይላል፣ የሆነ ነገር የለም። ካስተካከልኩ በኋላ እነዚህን ብቻ ፍለጋ እንደገና ማንበብ ልማዴ ነው። 6 አገኘሁ።

ደግሞ ድግግሞሽ ሁሉ ጠላት አይደለም። ወረቀት ያመለጠህን ተመልሰህ ታነባለህ፣ ሞንታርቦ ግን አይመለስም። ስለዚህ ለጆሮ ሲሆን ቀኑና ቦታው ሁለት ጊዜ ይባላል። ሁለት ጊዜ የሚባል እሱ ብቻ ነው።

ይህን ብዬ ወደ 5ቱ «ተ» ሄድኩ። ቀኑንና ቦታውን ላወጣ። አምስቱን ደረደርኳቸው። «ሁሉም ባለድርሻ አካላት የበኩላቸውን ሊወጡ ይገባል።» «ርብርብ ማድረግ ያስፈልጋል።» «ግንዛቤ መፍጠር ተገቢ ነው።» «በትኩረት ሊሠራ ይገባል።» አምስተኛው እንደገና «ርብርብ» ነው። ቀን የለም። ቦታ የለም። ምን ይዞ ይምጣ የለም።

አክስቴ ከጎኔ ጥጥ ስትፈትል ነበር፤ አነበብኩላት። እንዝርቷን አቆመችና «እሺ፣ የት ሄጄ ነው የምቀበለው?» አለችኝ።

ደወልኩለት። «ኖራው የሚሰጠው የት ነው?»

ዝም አለ። «ጋሼ፣ እሱ ገና አልመጣም።»

«መቼ ይመጣል?»

«ገና ነው መሰለኝ። ለዚያ ነው ትንሽ ሰፋ አድርገህ ጻፈው የተባልኩት።»

ንዴቴ ያኔ ነው የመጣው። ልጁ መጻፍ አልቸገረውም ለካ! የሚያደርጉትን የሚነግራቸው ነገር ስላልነበረው ነው ሰባት ጊዜ አፈሩ ኮምጥጧል ያለው። የቦኖው ሰውዬም ሳስበው እንደዚያው ነበር፤ ቧንቧ መግዣ ማንም አልያዘም ነበር።

ያም ሆነ ይህ ላኩለት። 240 ቃል ነው። ችግሩ አለ፣ መፍትሔው አለ። ሦስተኛው ቦታ ላይ «ኖራ የሚሰጠው ____ ቀን፣ ____ ላይ ነው» ብዬ ክፍቱን ተውኩት፣ እሱንም ሁለት ጊዜ።

ማታ መለሰልኝ። «ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አለቃዬ በጣም ወዶታል። ክፍት ቦታዎቹ ላይ ግን ርብርብ የምትለዋን ብናስገባባት ምን ይመስልሃል ይላል።»